ከአንድ ስንዝር ርቀት

ኮምፒውተሬ ውስጥ ሦስት ሰከንድ እንኳ የማይሞላ የድምፅ ፋይል አለ። አንዲት እናት ራቱን ለሚበላ ጎረምሳ ልጇ ሁለት ቃል ትነግረዋለች፦ «አባትህ አለ።» በቃ፣ ሌላ የለም። ልጁ አባቱ ሞቷል ሲባል ያደገ ነው። እናትየው አሥራ ስድስት ዓመት የያዘችውን ምስጢር ወጥ እየጨለፈች ትጥለዋለች።

ይህን ፋይል ደጋግሜ የማዳምጠው ለትወናው ብቻ አይደለም። ውስጡ ስለሌሉት ነገሮችም ነው። ግድግዳው አይሰማም፤ መስኮቱም፣ ፍሪጁም፣ ስልኩም አይሰሙም። ሴትዮዋ ከእኔ አንድ ስንዝር ርቀው የሚናገሩ ይመስላል። ድምፁ ግን የተቀረጸው ስቱዲዮ ውስጥ አልነበረም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በተከፈተ ቁምሳጥንና በአልጋ መካከል፣ በአንድ ተራ ስልክና በሁለት ብርድ ልብስ የተሠራ ነው። እኔ የድራማው አዘጋጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብዬ ነበር።

ተዋናይቷ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት ናቸው። እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ድርሰቱን በላክሁላቸው ማግስት የደወሉልኝ ስለ ገጸ ባሕርይዋ ሊጠይቁ ነው ብዬ ነበር። «‹አለ› ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» አሉኝ። ከላላ አባትየው የሆነ ነገር ተናግሯል ማለት ነው፤ ከጠበቀ አባትየው በሕይወት አለ። ፊደሉ ሁለቱንም አይለይም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የሚጠብቁትን ፊደላት አናታቸው ላይ ነጥብ እያደረጉ ለዚህ መላ ፈልገውለት ነበር፤ ልማዱ ግን አልተስፋፋም። ስለዚህ ያንኑ መጽሐፍ በሬዲዮ እንደተረከው እንደ ወጋየሁ ንጋቱ ያለ አንባቢ ብቻ ሳይሆን፣ ማንኛውም ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ነጥቡን በምላሱ ማስቀመጥ ይኖርበታል። እትዬ ድርሰቱን በሙሉ በእርሳስ ነጥብ አድርገውበት ጨረሱ። የእኛ ታሪክ መዞሪያ ያቺ አንዲት ነጥብ ነበረች፤ «ለ» ላይ ምላስ ላንቃ ነክቶ ለቅጽበት የሚቆይባት ቦታ። ቀረጻው በሙሉ ያቺን ቅጽበት ንጹህ አድርጎ ለመያዝ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ክፍሉን መስማት ነበረብን። እትዬን ስልኩን ከፍተው አንድ ጊዜ እንዲያጨበጭቡ ለመንኋቸው። የጭብጨባው ድምፅ ጧ ብሎ ማለቅ ሲገባው፣ በኋላው «ዝርርር» የሚል ጅራት አስከተለ። ሲሚንቶ የተለሰኑ ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ድምፁን እንደ ቴኒስ ኳስ እየተቀባበሉት ነው። ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ሲናገር ያ ጅራት ከየቃሉ ኋላ ይንጠለጠላል። ጆሯችን እቤት ውስጥ ስለለመደው አያስተውለውም፤ ቀረጻ ላይ ግን ጣሳ ውስጥ የመናገር ያህል ይጎላል።

እትዬ የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ በምስማር ወጥረው ሰቀሉት። ስስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከሱቅ የሚገዛ ዓይነት ነበር። የላኩልኝ ሙከራ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር ማለት ይቻላል። «ስ» እና «ሽ» ደብዝዘዋል፤ ክፍሉ ግን አሁንም «ኡኡ» እያለ ከሥር ያጉረመርማል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጨርቅ ድምፅን የሚበላው አየር በክሮቹ መካከል ሲመላለስ በሚፈጠር ፍትጊያ ነው፤ ግድግዳው ገጽ ላይ ግን አየሩ አይንቀሳቀስም። የተለጠፈ ስስ ጨርቅ የሚይዘው ቀጫጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፤ ወፍራሙ አልፎት ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። ውጤቱም ታፍኖ የሚያስተጋባ ክፍል ነው።

መፍትሔው ብርድ ልብሱን ከግድግዳው ማራቅ ነበር። «ስንት?» አሉኝ። «አንድ ስንዝር» አልኳቸው። አንድ ስንዝር ወደ 20 ሴንቲሜትር ነው፤ በዚያ ርቀት ላይ የተንጠለጠለ ወፍራም ጨርቅ እስከ 430 ኸርዝ አካባቢ ድረስ ወርዶ በደንብ ይሠራል፤ የአየሩ እንቅስቃሴ የሚበረታው የሞገዱ ርዝመት ሩብ ላይ ስለሆነ ነው። 100 ኸርዝን በዚሁ መንገድ ለመያዝ 85 ሴንቲሜትር ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ የክፍሉን ግማሽ መውሰድ ነው። ስለዚህ ወፍራሙን ጉርምርምታ በጨርቅ አናሸንፈውም፤ ከማዕዘን ርቀን በመቆም ብቻ ነው የምንቀንሰው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የእትዬ ሆነ። ልብስ ማስጫውን ከግድግዳው ስንዝር አርቀው አቆሙት፤ በላዩ ከእናታቸው የወረሱትን የመንዝ ባና አነጠፉበት። ባና የበግ ጠጉር ነው፤ ሲያነሱት ይከብዳል፣ ሲነኩት ይኮሰኩሳል፤ ለድምፅ ከዚያ የተሻለ የቤት ዕቃ አላውቅም። ከኋላቸው ቁምሳጥኑን በልብስ እንደታጨቀ ከፈቱት። የስልክ ማይክ ከየአቅጣጫው ስለሚሰማ፣ ከፊት የተሰቀለው ብቻ አይበቃም፤ ከጀርባ የሚመለሰውም መያዝ አለበት። ስልኩን ያስቀመጡበትን ጠረጴዛ በጋቢ ሸፈኑት፤ ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ከጠረጴዛው ነጥሮ ወደ ማይኩ የሚገባውን ድምፅ ያለሰልሰዋል። የድርሰቱን ገጾች ባናው ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀሏቸው። ይህን እኔ አልነገርኳቸውም። ወረቀት ሲገለጥ ስለሚንኮሻኮሽ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ «ቀና ብዬ ሳነብ ጉሮሮዬ አይታጠፍም» አሉኝ።

ደግመው አጨበጨቡ። ጧ፤ ከዚያ ምንም። የገደል ማሚቶው ሞተ።

ብርድ ልብስ የማይችለውም አለ። ክፍሉ ውስጥ የተፈጠረውን ድምፅ ይበላል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አይከለክልም። የጭነት መኪና፣ የጎረቤት ጄኔሬተር፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ በባናው ውስጥ አልፎ ይገባል። ለእሱ ያለን መሣሪያ ሰዓት ብቻ ነው። በግንቦት ወር ነበርንና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንቀርጽ ነበር፤ እኔ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ፍሪጁን ይነቅሉታል። ሳይሰኩት እንዳይተኙ የቤታቸውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ በሩን ለመቆለፍ ሲፈልጉ ፍሪጁን መክፈታቸው አይቀርም።

ስልኩ ከአፋቸው የራቀው አሁንም አንድ ስንዝር ነው፤ አውራ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ፣ ትንሿን ጣት ስልኩ ላይ አድርገው ይለኩታል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሰውየው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማጽጃ ቅርበት ነው። ቅርበት ግን የራሱ ጣጣ አለው፦ ትንፋሽ ማይኩን ይመታና «ፑፍ» ይላል።

እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ባሕርይ አለው። እትዬ ሻማ አብርተው ከፊታቸው አስቀመጡና «ፖስታ» አሉ፤ ነበልባሉ ተጎነበሰ። «ጳጳስ» አሉ፤ ብዙም አልተነቃነቀም። እንደ «ጵ»፣ «ጥ» እና «ቅ» ያሉት ድምፆች የሚነገሩት ጉሮሮ ተዘግቶ አፍ ውስጥ ባለው ጥቂት አየር ብቻ ነው፤ ከሳንባ የሚገፋ ትንፋሽ የላቸውም። ማይኩን የሚመቱት «ፕ» እና «ፍ» ናቸው፤ «ብ»ም አንዳንዴ። ነገር ግን «ጥ» እና «ቅ» በሌላ መንገድ ያስቸግራሉ፤ እንደ ምስማር ሹል ሆነው ስለሚወጡ የድምፅ መለኪያው ላይ ድንገት ይዘላሉ። «ቆርጦ ጣለው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሌላው ሁሉ ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ሁለት ነገር አደረግን። ስልኩን ከአፋቸው ፊት ለፊት አንስተን ወደ ጎን፣ የጉንጫቸው ማዕዘን ላይ አቆምነው፤ ትንፋሹ በጎኑ ያልፋል፣ ድምፁ ግን ይደርሰዋል። መጠኑን ደግሞ በተለመደው ንግግር ሳይሆን በ«ቆርጦ ጣለው» ለካነው፤ ጫፉ ከ−12 ዴሲቤል እንዳያልፍ።

አንድ ወጥመድ ቀረ። ብዙ ስልኮች ጸጥታ ሲያገኙ የመቅጃውን ኃይል በራሳቸው ከፍ ያደርጉታል። የሚታወቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው፦ ሰውዬው ዝም ሲል የክፍሉ ሹክሹክታ ቀስ እያለ ይነሳል፤ ሲናገር ወዲያው ይወርዳል፤ ክፍሉ የሚተነፍስ ይመስላል። ይህን ኋላ ላይ ማረም አይቻልም ማለት ይቻላል። ይህን ማስተካከያ የሚያጠፋና ያልታመቀ ፋይል፣ ማለትም WAV፣ የሚቀርጽ መተግበሪያ ጫንንላቸው፤ «ጫንንላቸው» ስል የልጅ ልጃቸው ነው የጫነው።

ሁለት ስልክ ያስፈልጋል። አንዱ ይቀርጻል፤ አውሮፕላን ምልክቱ ላይ ስለሚሆን ማንም አይደውልበትም። ሌላው ከእኔ ጋር ያገናኛቸዋል፤ ድምፄ የሚመጣላቸው በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ወደ ቀረጻው እንዳይገባ። ሌላው ጆሯቸው ክፍት ነው፤ የራሳቸውን ድምፅና ክፍሉን ይሰሙበታል። ድምፃችን ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ የመጨረሻው ቃል ከተሰማኝ በኋላ ሁለት ቆጥሬ ነው የምናገረው። ያለዚያ ገና በእንባ አፋፍ ላይ ያሉ ሴትዮ ጆሮ ውስጥ «ግሩም ነው!» ብዬ እጮሃለሁ።

ታላቅን ማዘዝ አስቸጋሪ ነው፤ በስልክ ደግሞ ይብሳል። ፊትን አይቶ ማለሳለስ የለም። ስለዚህ አስተያየቴን ከ«እንዲህ ይበሉት» ወደ ጥያቄ ለወጥኩት። የመጀመሪያውን ሙከራ ሲቀርጹ «አባትህ አለ» የሚለው እንደ ለቅሶ ቤት መርዶ ሆኖ ወጣ። ከበድ ያለ፣ ለብዙ ሰው የሚነገር። «ሐዘኑን ይቀንሱ» ማለት ቀላል ነበር፤ ግን የተቀነሰ ሐዘን ምን እንደሚመስል ማንም አያውቅም። «እትዬ፣ ልጁ የት ነው ያለው?» አልኳቸው። ዝም አሉ። «በሩ ጋ ነው ያቆምኩት» አሉኝ። ድርሰቱ ላይ ግን ከጎናቸው ተቀምጦ ይበላል። «ጉርሻው ከእጁ ሳይወድቅ ይንገሩት» አልኳቸው።

ሁለተኛው ሙከራ ተቀረጸ። በእኔ ጆሮ የመጣው «አባትህ አ...» የሚል ነው። ትንፋሽ ይሰማል፤ ከዚያ ዝምታ። «ለ» የለችም። «እትዬ፣ መጨረሻው አልተሰማኝም፤ ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ» አልኩ። «እኔ ጋ ይሰማል፣ ልጄ» አሉ። «አዎ፣ ግን ትንሽ» አልኩ። ሦስተኛው ተሰማ፤ ግን ዜና ሆነ። አራተኛው ይበልጥ ተሰማ፤ ይበልጥም ዜና ሆነ። ሰዓቱ መሸ፤ ውሻ ጮኸ፤ ተሰናበትን። አራተኛውን እጠቀማለሁ ብዬ እያዘንኩ ተኛሁ።

ጠዋት ፋይሎቹ በቴሌግራም ደረሱኝ፤ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን «File» ተብለው ስለተላኩ አልታመቁም። ሁለተኛውን ከፈትኩት። «አባትህ» በቀላሉ ይወጣል፤ ጨው አቀብለኝ የማለት ያህል። ከዚያ «አ»፤ ምላሳቸው ላንቃቸውን ይነካል፤ «ለ» ላይ ይቆያል። ያ መቆየት ትንሽ ከሚገባው በላይ ይረዝማል፤ ቃሉን ለመመለስ ጊዜ ያለ ይመስል። ከዚያ ፊደሉ ይለቀቅና አናባቢዋ ያለ ድምፅ ኃይል፣ በትንፋሽ ብቻ፣ ስኒ ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብሎ እንደማስቀመጥ ታልቃለች። ከኋላዋ ምንም የለም። ክፍሉ እንኳ የለም።

የስልክ ጥሪው ነበር የበላት። የጥሪ መተግበሪያዎች ንግግር ያልመሰላቸውን ድምፅ ጫጫታ ነው ብለው ይቆርጣሉ። በትንፋሽ የተነገረች አናባቢ ደግሞ ለማሽኑ ከማራገቢያ ድምፅ አትለይም። እኔ በተሰበረ መስኮት እያየሁ የቤቱን ቀለም ሳርም ነበርኩ። እትዬ «እኔ ጋ ይሰማል» ያሉኝ በዚያ ምሽት ከተነገረው ሁሉ ትክክለኛው ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ጆሮ የእሳቸው ብቻ ነበርና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን ተከፋፈልን። እኔ የምጠይቀው ለማን እንደሚናገሩ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ምን እንደሚፈልጉ ብቻ ነው። ድምፁ ንጹህ መሆን አለመሆኑን የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ «ይቺ ጥሩ ናት» ወይም «ጋቢው ተንቀሳቀሰ፣ ልድገም» ይላሉ፤ እኔ አልከራከርም። በሹክሹክታ የሚነገር ዓረፍተ ነገር ሲኖር ያቺን ሙከራ ብቻ ነጥለው ይልኩልኛል፤ አሥር ሰከንድ ድምፅ ወደ 1.4 ሜጋባይት ነው፤ ቡና ሳልጨርስ ይደርሳል። ከፋይሉ እንጂ ከጥሪው ላይ ስለ ድምፅ አልፈርድም።

ድፍረት አግኝቼ የጠየቅኋቸው አንድ ነገር አለ። ሌሎች ተዋናዮች መስመራቸውን ሲጀምሩ ከንፈር ሲላቀቅ «ጭ» የምትል ትንሽ ድምፅ ትሰማለች፤ አርታኢ አንድ በአንድ እየለቀመ ያወጣታል። በእሳቸው ፋይሎች ላይ አንድም አላገኘሁም። «አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ» አሉኝ። ተራቸው ከመድረሱ በፊት ውሃ ይጎነጫሉ፤ ከንፈራቸውን ያላቅቃሉ፤ አፋቸው ክፍት እንዳለ ትንፋሽ ወስደው ይናገራሉ። «ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው። «አርባ ዓመት ቃለ ጽሕፈት አስጽፌያለሁ» አሉኝ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ «ጠበቀ» እና «ጠብቆ» ሳይለይ እንዳይቀር ሲሉ የለመዱት ነው።

የመጨረሻው ምሽት ቀረጻ ሲያልቅ የክፍሉን ዝምታ እንዲቀርጹልኝ ጠየቅኋቸው፤ ሠላሳ ሰከንድ። አርታኢው ቃላትን ሲቆርጥና ሲቀጥል የሚሞላበት ነው፤ ፍጹም ባዶ ከተተወ ጆሮ መቆራረጡን ያውቃል። እትዬ ስልኩን አልተውትም። እዚያው ባናውና ቁምሳጥኑ መካከል ቆመው ቆዩ፤ ምክንያቱም የእሳቸው ሰውነትም የክፍሉ አካል ነው፤ ቢወጡ ዝምታው ይለወጣል። ፋይሉ ዛሬም አለኝ። በጣም ከፍ አድርጌ ስሰማው የስልኩ ማይክ የራሱ የሆነ ቀጭን «ሽሽሽ» አለ፤ ሩቅ የሆነ ውሻ አለ። ሃያ ስምንተኛው ሰከንድ ላይ ደግሞ፣ ትንፋሽ ይዘው የቆዩ ሴትዮ አሁን አበቃ መሰለኝ ብለው በቀስታ ሲለቁት ይሰማል። ከዚያ ፍሪጁ ይከፈታል፤ ቁልፍ ይንሿሿል።